ጦር እና ሰይፍ በቀድሞው የምሥራቅ ጎጃም ሠራዊት፦ የርዝመት፣ የዋጋ እና የሥልጠና ንጽጽር

በአማርኛ «ጦር» የሚለው ቃል አንድን መሣሪያ ብቻ አያመለክትም። ሠራዊቱ ራሱ ጦር ይባላል፤ ውጊያው ጦርነት፣ ስፍራው ጦር ሜዳ፣ መሪው የጦር አዝማች ነው። «ሰይፍ» ግን እንዲህ ያለ ስፋት አላገኘም። ከእርሱ የወጣው የታወቀ ቃል «ሰያፊ» ሲሆን፣ ይህም የሞት ፍርድ ፈጻሚውን እንጂ ተዋጊውን አይጠራም። ቋንቋው የውጊያውን ሸክም ለጦር፣ የሥልጣንን ምልክት ለሰይፍ የሰጠ ይመስላል።

የተረፉት ዕቃዎች የሚመሰክሩት ግን ሌላ ነው። በዕቃ ቤት፣ በቅርስነት በተያዙ ንብረቶች እና በቤተሰብ ትውስታ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ሰይፍ ነው፤ ጎራዴው፣ ሾተሉ፣ አፎቱና የአውራሪስ ቀንድ እጀታው። ይህ ጽሑፍ በቢቸና እና በሞጣ መካከል ያለውን የምሥራቅ ጎጃም አገር መነሻ አድርጎ፣ ጠመንጃ ከመስፋፋቱ በፊት በነበረው የሰልፍ ውጊያ ሁለቱን መሣሪያዎች በርዝመት፣ በመሥሪያ ዋጋ እና በሚጠይቁት ሥልጠና ያነጻጽራል። ከዚያም በቋንቋው እና በተረፈው ዕቃ መካከል ያለው ልዩነት ከየት እንደመጣ ያስረዳል። «ሰይፍ» የሚለው ቃል እዚህ ጎራዴንም ሾተልንም የሚያጠቃልል የወል ስም ሆኖ አገልግሏል።

የአገሩ አቀማመጥ እና የሰልፉ ሁኔታ

ቢቸና እና ሞጣ በጮቄ ተራራ እና በአባይ በረሃ መካከል ባለው ደጋማ ሜዳ ላይ ይገኛሉ። በእነርሱ መካከል፣ በእነብሴ፣ መርጡለ ማርያም አለች። ሜዳው ለጤፍና ለስንዴ የተመቸ ሰፊ አገር ቢሆንም፣ ከጮቄ የሚነሡት እንደ ሱሃ እና ሙጋ ያሉ ወንዞች ወደ አባይ ሲወርዱ በጥልቅ ሸለቆ ይቆራርጡታል። በእንዲህ ያለ አገር የሚሰለፍ ሠራዊት በአንድ ስፍራ ሙሉ ግንባር ዘርግቶ መቆም ይችላል። ጥቂት እንደተጓዘ ግን ገደልና ወንዝ ይከፍለዋል።

የሰልፉ አከፋፈል በማዕረግ ስሞች ውስጥ እስከ ዛሬ ተጠብቋል። ፊታውራሪ ከፊት ይቀድማል፤ ቀኝአዝማች እና ግራአዝማች ሁለቱን ክንፎች ይይዛሉ፤ ደጃዝማች በመሪው ድንኳን ደጃፍ የሚቆመውን ኃይል ያዝዛል፤ ደጀኑ ኋላውን ይጠብቃል። እነዚህ ስሞች የሠራዊቱን ታላላቅ ክፍሎች የሚያሳዩ ናቸው። በአንዱ ክፍል ውስጥ ሰው ከሰው በምን ያህል ርቀት እንደሚቆም ግን አይናገሩም። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የተዋጊው መሣሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1624 እስከ 1633 በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜዳ ስለዚህ ግልጽ መግለጫ ትቷል። የማኅበሩ አባላት በዚያ ዘመን በጎጃም ውስጥም፣ መርጡለ ማርያምን ጨምሮ፣ ይኖሩ ነበር። በአልሜዳ ግምት ንጉሡ ከ30 እስከ 40 ሺህ የሚደርስ ሠራዊት ያሰልፍ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ፈረሰኛው ከ4 እስከ 5 ሺህ ሲሆን ቀሪው እግረኛ ነው። እግረኛው ጋሻና ሁለት ጦር ይይዛል። አንደኛውን፣ ቀጭኑን፣ ይወረውራል። ሁለተኛውን፣ ሰፊ ስለት ያለውን፣ በእጁ አስቀርቶ በጋሻው እየተከላከለ ይወጋበታል። ሰይፍ የሚታጠቁም ነበሩ፤ በውጊያ ላይ ግን እምብዛም አይገለገሉበትም ነበር። የሚከተሉት ሦስት ክፍሎች ይህ ምርጫ ለምን እንደተደረገ የሚያስረዱ ናቸው።

ርዝመት፦ የመውጋትና የመወርወር ልዩነት

ጦር ከሰይፍ ይረዝማል መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በአንድ እጅ የተያዘ ጦር የሚሰጠው ብልጫ ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ጦር እንውሰድ። ተዋጊው ግራ እጁ ጋሻ ስለያዘ ጦሩን በቀኝ እጁ ብቻ ይይዛል። ሚዛኑን ለመጠበቅ ሶማያውን መሐል ላይ ቢጨብጥ ከእጁ ወደ ፊት የሚወጣው 1 ሜትር ብቻ ነው። የስለቱ ርዝመት 80 ሳንቲሜትር የሆነ ሰይፍ ከያዘ ሰው ጋር ሲነጻጸር ብልጫው 20 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ የክንዱ ርዝመት በሁለቱም ወገን እኩል ስለሆነ ከሂሳቡ ይወጣል። ሃያ ሳንቲሜትር አንድ ፈጣን እርምጃ የሚያጠፋው ልዩነት ነው።

በብዙ የኢትዮጵያ ጦሮች ግርጌ የሚገኘው ብረት ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ብረቱ ጦሩን መሬት ላይ ለመትከል ብቻ ሳይሆን ሚዛኑን ወደ ኋላ ለመሳብም ያገለግላል። ተዋጊው ከግርጌው 70 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ቢጨብጥ ከፊቱ 1 ሜትር ከ30 ይወጣል፤ በሰይፍ ላይ ያለው ብልጫም ወደ ግማሽ ሜትር ያድጋል። ይህ ጠላትን ከጋሻው በላይ ወይም በታች ቀድሞ ለመውጋት በቂ ነው። ሆኖም ከኋላ ያለው ሁለተኛው ረድፍ በፊተኛው ትከሻ ላይ አሻግሮ እንዲወጋ አያስችልም።

የሰልፉ ቅርጽ ከመቄዶንያ ፋላንክስ የሚለየውም በዚሁ ነው። ፖሊቢየስ እንደሚተርከው የመቄዶንያው ሳሪሳ 14 ክንድ ይረዝም ነበር። በሁለት እጅ ስለሚያዝ 4 ክንዱ በእጅና ከእጅ ኋላ ሲቀር፣ 10 ክንዱ ከፊተኛው ረድፍ ፊት ይወጣል። በዚህ ምክንያት የአምስት ረድፍ ጦሮች ጫፍ በአንድነት ከግንባሩ ፊት ይደረደራል። ሮማዊው ሰይፈኛ ለመንቀሳቀስ ከመቄዶናዊው እጥፍ ስፍራ ስለሚፈልግ፣ አንዱ ሮማዊ ሁለት ሰው እና አሥር የጦር ጫፍ ይገጥመዋል። በጎጃም ሜዳ እንዲህ ያለ የጦር ግድግዳ አልነበረም፤ ጦሩም ጋሻውም ለዚያ የተሠሩ አይደሉም።

የጎጃሙ እግረኛ ትክክለኛ የርዝመት ብልጫ ያለው በሚወረወረው ጦር ላይ ነው። በደንብ የለመደ ሰው ጦሩን ከ20 እስከ 30 ሜትር ይወረውራል ብለን እናስላ። ጋሻ ይዞ የሚሮጥ ጠላት 25 ሜትሩን ለመጨረስ ከአምስት እስከ ስድስት ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ጦር ወርውሮ፣ ሁለተኛውን ወደ ቀኝ እጅ አዛውሮ፣ ጋሻን ማስተካከል ይቻላል፤ ሁለተኛውን ደግሞ መወርወር ግን ባዶ እጅ መቅረት ነው። አልሜዳ የገለጸው የሁለት ጦር ልማድ ከዚህ ሂሳብ ጋር ይስማማል። ለመወርወር ክንድን ወደ ኋላ መሳብና ጥቂት እርምጃ መሮጥ ስለሚያስፈልግም፣ ሰልፉ የግድ ላላ ብሎ ይቆማል።

ሮማውያንም መጀመሪያ ፒሉም የሚባለውን ጦር ይወረውሩ ነበር፤ ከዚያ ግን ሰይፍ ይመዝዙ ነበር። የጎጃሙ እግረኛ በዚያው ቅጽበት ሁለተኛ ጦሩን አስቀረ። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ጋሻ ነው። የሮማው ጋሻ ከትከሻ እስከ ጉልበት ስለሚሸፍን ባለቤቱ የጠላትን ጦር እየገፋ አጭር ሰይፉ እስኪደርስ መጠጋት ይችላል። የኢትዮጵያው ጋሻ ከጠነከረ ቆዳ የተሠራ፣ ክብና ቀላል፣ የተወረወረን ጦር አንሸራትቶ ለመመለስ የተመቸ ነው። እግርንና ወገብን ግን ሸፍኖ ወደ ሰይፍ ርቀት አያስጠጋም። ስለዚህ የሰይፍ ጥቅም የሚለካው በሰይፉ ብቻ ሳይሆን አብሮት በሚያዘው ጋሻ ጭምር ነው።

ዋጋ፦ ብረቱ፣ ከሰሉ እና የቀጥቃጩ ሥጋት

ሁለተኛው ንጽጽር በቀጥቃጩ ቤት ይካሄዳል። ለምሳሌ ያህል 6 ኪሎ የሚመዝን፣ ከማቅለጫው የወጣ ያልጠራ ብረት እንውሰድ። ይህ ብረት ዝቃጩ እስኪለይ በተደጋጋሚ ሲግልና ሲቀጠቀጥ ግማሹን ያህል ያጣል ብንል፣ የሚቀረው 3 ኪሎ ነው። አንድ የጦር ስለት ከነሶማያ መሰኪያው 300 ግራም ቢወስድ ከዚህ አሥር ጦር ይወጣል። አንድ ሰይፍ ከነእጀታው እንብርት 1 ኪሎ ቢወስድ ሦስት ሰይፍ ብቻ ይወጣል። በሌላ አነጋገር አምስት እግረኞችን ሁለት ሁለት ጦር የሚያስታጥቀው ብረት ሰይፍ የሚያስታጥቀው ሦስቱን ብቻ ነው፤ እነርሱም የሚወረውሩት ነገር የላቸውም።

የብረቱ መጠን ግን ከልዩነቱ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ልዩነት በሥራው ላይ ባለው ሥጋት ይገኛል። የጦር ስለት አጭርና መሐሉ ወፍራም ስለሆነ ለስላሳ ብረትም ይበቃዋል። ከአጥንት ወይም ከጋሻ ጋር ተጋጭቶ ቢጎብጥ በመዶሻ ይቃናል። ሰይፍ ግን ረጅምና ስስ ነው። ለስላሳ ከሆነ በመጀመሪያው ምት ይጎብጣል፤ አግሎ ውሃ ውስጥ በመንከር ቢጠነክር ደግሞ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። እንዲሁም ሙሉውን ርዝመት በእኩል ማጋል ያስፈልጋል፤ በወናፍ በሚነፋ አነስተኛ ምድጃ ይህ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የጦር ስለት ቢበላሽ የአንድ ቀን ድካም ይጠፋል፤ ሰይፍ ቢሰነጠቅ ግን የብዙ ቀን ሥራ፣ ከሰልና ብረት በአንድነት ይጠፋል።

ይህ ችግር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰይፍ ስለት ከውጭ አገር፣ በተለይም ከጀርመን ከዞሊንገን፣ መምጣቱ ለምን እንደተስፋፋ ያስረዳል። ስለቱ በምፅዋ በኩል ሲገባ የአገር ውስጥ ባለሙያ እጀታውን ከቀንድ፣ አፎቱን ከቆዳ ይሠራለት ነበር። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለማግኘት ጥሬ ብርና የንግድ መሥመር ያስፈልጋል። ጦር ግን በመንደሩ ቀጥቃጭ እጅ በእህል ክፍያ ጭምር ሊሠራ የሚችል፣ ሶማያው ቢሰበር በቅርቡ ካለ ቁጥቋጦ ሊተካ የሚችል መሣሪያ ነው። ባላገሩ ክተት ሲታወጅ የራሱን መሣሪያና ስንቅ ይዞ የሚወጣ በነበረበት ሥርዓት፣ ይህ ልዩነት ሠራዊቱ በምን እንደሚዋጋ ወሰነ።

ሥልጠና፦ በልጅነት የተለመደ እና ለብቻው የሚማሩት

የሰይፍ ሥልጠና ጊዜን ይጠይቃል። ቬጌቲየስ እንደጻፈው የሮማ ምልምል በእጥፍ የከበደ የእንጨት ሰይፍና ጋሻ ይዞ፣ መሬት ላይ የተተከለን ግንድ እንደ ጠላት እየቆጠረ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይለማመድ ነበር። የሚማረውም በስለቱ መቁረጥን ሳይሆን በጫፉ መውጋትን ነው፤ ለመቁረጥ ክንድን ማንሳት ብብትንና ጎንን ለጠላት ያጋልጣልና። ይህን ማድረግ የሚችለው ደመወዝ የሚከፈለውና ዓመቱን ሙሉ በሰፈር የሚኖር ወታደር ነው።

የቢቸናና የሞጣ ባላገር እንዲህ ያለ ጊዜ አልነበረውም። ክረምቱ የእርሻና የአረም ወቅት ነው፤ ወንዞችም ስለሚሞሉ ዘመቻ አይታሰብም። መስከረም ጠብቶ መኸር እስኪሰበሰብ ድረስ እጁ ከማጭድ አይለይም። ዘመቻ የሚመቸው በበጋ ሲሆን፣ ያም የመዋጊያ እንጂ የመማሪያ ጊዜ አይደለም።

የጦር አያያዝ ግን የተለየ ትምህርት ቤት አያስፈልገውም ነበር። እረኛ ልጅ ዱላና በትር መወርወርን ከብት ሲጠብቅ ይለምዳል። በጉግስ ጨዋታ ደግሞ ፈረሰኛው በትር እየወረወረ፣ የተወረወረበትን በጋሻ እየመለሰ፣ እየሸሸና እየተመለሰ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ከጦር ውጊያ ጋር አንድ ነው። ርቀትን በዓይን መመጠን፣ የተወረወረን ነገር አቅጣጫ አስቀድሞ ማወቅ እና ጋሻን አዘንብሎ ማንሸራተት በጨዋታ መልክ ከልጅነት ጀምሮ ይገባሉ። ጎበዙ ወደ ዘመቻ ሲወጣ የሚቀረው ከሌሎች ጋር መሰለፍን መማር ነው።

ሾተል ከዚህ በተቃራኒ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በሰሜን ኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ሾተልን እንደ ማጭድ የጎበጠና ለአያያዝ የማይመች መሣሪያ አድርጎ ገልጾታል። የጉብጠቱ ዓላማ ግን ግልጽ ነው፤ ጫፉ ከጠላት ጋሻ ጠርዝ ወዲያ ዞሮ ራሱን ወይም ትከሻውን እንዲያገኝ ነው። ይህ የጋሻን ችግር በብልሃት ይፈታል፤ ነገር ግን የእጅ አንጓን በትክክለኛው ቅጽበት ማዞርን ይጠይቃል። ያልሠለጠነ ሰው ጫፉን ከጋሻው ላይ ያሳርፋል፤ ያን ጊዜም የራሱ ቀኝ ጎን ተጋልጦ ይቀራል።

ሰልፍ ሲፈርስ

እስካሁን የታየው ንጽጽር የሚጸናው ሰልፉ እስከቆመ ድረስ ነው። ጦር ፊት ለፊት ስፍራ ይፈልጋል። ጠላት ከስለቱ አልፎ ወደ ሶማያው ከተጠጋ፣ ወይም ጦሩ በጋሻ ላይ ተሰክቶ ከቀረ፣ ባለቤቱ በእጁ የያዘው እንጨት ብቻ ነው። በገደል አፋፍ፣ በወንዝ መሻገሪያ እና በጨለማ ሰይፍ የበላይነት ያገኛል። በሸሸ ጠላት ላይም እንዲሁ ነው፤ አሳዳጁ የወረወረውን ጦር ለማንሳት ሳይቆም ደጋግሞ መምታት ይችላልና።

እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 በፒድና የሆነው ይህንኑ በሰፊው ያሳያል። የመቄዶንያ ፋላንክስ በሜዳው ላይ ሮማውያንን መጀመሪያ ወደ ኋላ ገፋ። ወደ አስቸጋሪው መሬት ሲገባ ግን በረድፎቹ መካከል ክፍተት ተፈጠረ፤ ሮማውያን በክፍተቱ ገብተው ሰይፋቸው ከሚደርስበት ርቀት ላይ ሲገኙ ረጅሙ ሳሪሳ ለባለቤቱ ሸክም ሆነበት። የጎጃሙ ላላ ሰልፍ እንዲህ ያለ የከፋ ድቀት አይደርስበትም፤ ከመጀመሪያውም ክፍተት ያለው ነውና። የእርሱ ድካም ሌላ ነው። አልሜዳ እንደታዘበው ውጊያው በአጭር ጊዜ ያልቃል፤ በመጀመሪያው ግጭት አንዱ ወገን ጀርባውን ከሰጠ በሥርዓት ተመልሶ መቆም ይቸግረዋል። እዚህ ላይ ሰይፍ ድልን የሚያመጣ ሳይሆን የመጣን ድል የሚያሰፋ መሣሪያ ሆኖ ይታያል።

ጠመንጃ ጦርን ሲተካ

ታዲያ የጎላው ትውስታ ለምን የሰይፍ ሆነ? አንዱ መልስ ጠመንጃ የተካው የትኛውን መሣሪያ እንደሆነ በማየት ይገኛል። ጠመንጃ በርቀት ይመታል፣ እጅንም ይይዛል፤ የተካውም ተወርዋሪውን ጦር ነው። ሰይፍ ግን በወገብ ላይ ስለሚንጠለጠል ከጠመንጃ ጋር አይጋፋም። አልሜዳ በነበረበት ዘመን ከ1,500 ብዙም ያልበለጠው የአገሪቱ ጠመንጃ ሁኔታውን አልለወጠውም። ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በእምባቦ ሲገጥሙ ግን ጠመንጃ በሁለቱም ወገን ነበር። ከዚያ በኋላ በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ተዋጊ በትከሻው ጠመንጃ፣ በጎኑ ጎራዴ ወይም ሾተል የያዘ ነው። የካሜራ ዘመን የደረሰው ጦር ከእጅ ሲወጣ፣ ሰይፍ ከወገብ ሳይፈታ ነበር።

ሁለተኛው መልስ በዕቃዎቹ ዕጣ ላይ ነው። ሰይፍ ውድ በመሆኑ ይወረሳል፣ ለቤተ ክርስቲያንም ይሰጣል። የጦር ሶማያ ግን በምስጥ ይበላል፤ ስለቱም ብረት ውድ በሆነበት አገር በቀላሉ ማረሻ ወይም ማጭድ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ስፍራ የተገኙትን ሰይፎችና ጦሮች ቆጥሮ የሠራዊቱን ትጥቅ መገመት ውጤቱን ይገለብጠዋል። የተቆጠረው የጌቶች ንብረት ይሆንና፣ ሰልፉን የሞላው ባላገር ከታሪኩ ይወጣል።

በቢቸና እና በሞጣ አካባቢ የተረፈ የጦር ስለት ሲገኝ ዕድሜውን ከመጠየቅ በፊት አገልግሎቱን መለየት ይጠቅማል። ቀጭን፣ ጠባብና ቀላል ስለት ለመወርወር የተሠራ መሆኑን ያመለክታል፤ ሰፊ ቅጠል የመሰለ፣ መሐሉ ወፍራም የሆነ ደግሞ ለመውጋት። ከግርጌው ብረት ጋር የተገኘ ከሆነ ሶማያው የት ላይ ይጨበጥ እንደነበር መገመት ይቻላል። የጠርዙ ደጋግሞ መሳል እና በመዶሻ የመቃናቱ ምልክትም ዕቃው ለጌጥ የተቀመጠ ሳይሆን ያገለገለ መሆኑን ይናገራል። ሰባት መቶ ግራም ያህል ያነሰ ብረት፣ የአንድ ሰፈር ቀጥቃጭ እና በእረኝነት የተገኘ ልምድ ተደምረው የቆሙትን ሠራዊት ለመመርመር መነሻው እንዲህ ያለው ስለት ነው።